ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ተኩል፦ ተከታይን ሳያሰለቹ ማስታወስ

ሰኔ ሲጋመስ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ በቆሎው ገና ከጉልበት በታች ነው። ቀኑን ማሳ ላይ የዋለ ገበሬ ከብቱን አስገብቶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ራቱን በልቶ ጋደም ሲል ምሽቱ ሁለት ሰዓት ያልፋል። በብዙ ቤት ስማርት ስልኩ ያለው በልጁ እጅ ነው። ስልኩ ድምፅ ያሰማል።

«ምንድን ነው እሱ?» ይላል አባት።

ልጁ ከስክሪኑ ላይ ያነብለታል። «እንዳያመልጣችሁ! ዛሬ ማታ ልዩ የቀጥታ ስርጭት! ለሁሉም ሼር አድርጉ!»

«ስለ ምን ነው?»

«አይልም፣ አባ።»

ከአፍታ በኋላ ስልኩ ደግሞ ይጮሃል፤ «አንድ ሰዓት ብቻ ቀረው» ይላል። ቀጥሎ «ዝግጁ ናችሁ?»፣ ቀጥሎ «ልንጀምር ነው» ይመጣል። አራተኛው ላይ ልጁ የቻናሉን ድምፅ ይዘጋና ስልኩን መደብ ላይ ያስቀምጣል። ስርጭቱ ምናልባት በማሳቸው ስለገባው ተምች ሊሆን ይችል ነበር። እነሱ ግን አላወቁም።

እንዲህ ያለ ምሽት ቴሌግራም በገባበት ቤት ሁሉ የታወቀ ነው። ጉዳቱ ግን ከውጭ አይታይም። ድምፁን የዘጋ ሰው ከቻናሉ አልወጣም፤ የተከታዮች ቁጥር ያው ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን አይቶ «ሁሉም አሉ» ይላል፣ ለሚቀጥለው ስርጭት ጥቂት ሰው ሲመጣበት ደግሞ ያልበቃው ማስታወሻው መስሎት ይጨምራል። በጨመረ ቁጥር የሚዘጋው ይበዛል። የዘጋው ሰው ደግሞ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥሩ ማስታወቂያም አይሰማውም።

ሰውን የሚያሰለቸው የማስታወሻ ብዛት ብቻ አይደለም። በከተማ ሰፈር ንጋት ላይ የሚዞረውን የዕድር ጥሩምባ ነፊ አስቡት። ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል፣ ደጋግሞ ይዞራል፣ ግን ማንም ተው አይለውም። አንደኛ፣ የሚሰማው ሰው ስሙን አስመዝግቦ፣ ወርኃዊ መዋጮ ከፍሎ፣ ንገረኝ ያለ ነው። ሁለተኛ፣ በየዞሩ የሚናገረው ነገር አለው፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ። የስልኩ ማስታወሻ የሚጎድለው እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ላልጠየቀ ሰው ይላካል፣ ሲላክም አዲስ ነገር አይዝም።

በአገራችን ለጠየቀ ሰው የሚመለከተውን መንገርን ስማርት ስልክ ከመስፋፋቱ በፊት በትልቅ ደረጃ የሠራ አገልግሎት አለ። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በ2006 ዓ.ም. ያስጀመረው 8028 የስልክ መስመር ነው። ገበሬው በነፃ ደውሎ ስለ ሰብሉ የተቀረጸ ምክር በቋንቋው ያዳምጣል። ከዚህም ሌላ አገልግሎቱ በሽታ ወይም ተባይ ሲነሳ ራሱ መልእክት ይልካል፤ መልእክቱን የሚልከው ግን ደዋዩ ስለ አካባቢውና ስለ ሰብሉ የሰጠውን መረጃ ይዞ ነው። የስንዴ ዋግ ማስጠንቀቂያ ስንዴ ለሚዘራው እንዲሄድ ማለት ነው። በቆሎ ብቻ የዘራውን በስንዴ ዋግ ሌሊት አለመቀስቀስ ለሚቀጥለው መልእክት ጆሮውን ማቆየት ነው።

እስቲ ይህን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። በቡሬ ዙሪያ የሚሠራ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ አለ እንበል። 2,400 ተከታይ ያለው የቴሌግራም ቻናል አለው፤ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች፣ የግብርና ተማሪዎች፣ ስልክ ያላቸው ገበሬዎችና የገበሬ ልጆች ይከታተሉታል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ስለገባው የአሜሪካ ተምች ለ40 ደቂቃ በቀጥታ ማስተማር ይፈልጋል። ጊዜው ሰኔ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ተምቹ ገና ትንሽ ሳለ የቅጠሉን ገጽ ብቻ ይፍቃል፤ ቅጠሉ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ካደገ በኋላ ወደ መሃል ቅጠሉ ገብቶ ይሸሸጋል፣ ቅጠሉን ይበሳል፣ ብናኝ የመሰለ ኩስ ይተዋል። ያን ጊዜ የሚረጨው መድኃኒት እሱ ዘንድ መድረስ ይቸግረዋል። ስለዚህ ትምህርቱ በጊዜው ለሰዎቹ ካልደረሰ ለዘንድሮ በቆሎ አይጠቅምም።

ከማስታወቂያው ጽሑፍ በፊት የሚወሰነው ቀኑ ነው። የመጣም የቀረም ሰው ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ማስታወሻው ሳይሆን ቀኑ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የወሩን በዓላት ሳያዩ ቀን መቁረጥ አይቻልም። በሚካኤል በ12፣ በማርያም በ21 ብዙው ገበሬ በሬ አይጠምድም፤ በእነዚህ ቀናት ከቅዳሴ በኋላ የቀን ስርጭት ሰው ያገኛል። በሥራ ቀን ግን ከማታ ሁለት ሰዓት በፊት የሚጀምር ስርጭት የሚያገኘው ከተማ ያለውን ብቻ ነው። ባለሙያችን ቅዳሜ ሰኔ 13 ማታ 2፡30ን መረጠ፤ በማግስቱ እሁድ ስለሆነ ትንሽ ማምሸት አይከብድም።

ማስታወቂያው ማክሰኞ ማታ ይወጣል። ጽሑፉ ይህን ይመስላል፦

«የበቆሎ ተምችን ሳይሸሸግ ማሳ ላይ እንዴት ትለዩታላችሁ? ቅዳሜ ሰኔ 13፣ ማታ 2፡30፣ በቀጥታ።

40 ደቂቃ ነው። በድምፅ ብቻ ስለሆነ ብዙ ዳታ አይበላም።

የበቆሏችሁን ቅጠል ፎቶ እስከ ዓርብ ማታ ላኩልን፤ ቅዳሜ ቀድመን የምንመልሰው ፎቶ ለላከ ነው።

ስርጭቱ ሲጀመር ስልካችሁ እንዲነግራችሁ ከላይ Set Reminder የሚለውን ንኩ። መስመር ቢቋረጥ ወይም ባይመቻችሁ ቅጂው እሁድ ጠዋት እዚሁ ይቀመጣል።»

የመጀመሪያው መስመር ብቻውን መቆም አለበት። ስልክ ሲቆለፍ በማሳወቂያው ላይ የሚታየው መጀመሪያው ነው፤ የቀረው የሚነበበው ቻናሉ ሲከፈት ነው። በዚያ አንድ መስመር ውስጥ ጉዳዩም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም ካሉ፣ አባት «ስለ ምን ነው?» ሲል ልጁ የሚመልሰው ያገኛል። «ሰላም ውድ ተከታዮቻችን፣ እንዴት ሰነበታችሁ» ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ ያን ውድ ቦታ በሰላምታ ይጨርሰዋል። ሰላምታው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ስርጭቱ ሲጀመር በድምፅ ቢሰጥ የበለጠ ይሞቃል።

የዳታው መስመር ለገጠሩ አድማጭ ከሁሉም በላይ ነው እላለሁ። በሴኮንድ አንድ ሜጋቢት የሚጠቀም ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። በ64 ኪሎቢት የሚሄድ ድምፅ ግን ለአንድ ሰዓት 30 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ጥቅል ገዝቶ ሳምንቱን የሚያብቃቃ ሰው ይህን ሳያውቅ አይገባም፤ ዝም ማለት ፍላጎት ማጣት ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ የካርድ ሒሳብ ነው። ፎቶዎቹ አስቀድመው ቻናሉ ላይ ተለጥፈው ቁጥር ከተሰጣቸው፣ ባለሙያው «ሦስተኛውን ፎቶ ተመልከቱ» እያለ ያለ ካሜራ ማስተማር ይችላል።

ማንበብ የማይችሉ አባትና እናት ላሉበት ቤት ደግሞ ባለሙያው ራሱ በ20 ሴኮንድ የድምፅ መልእክት ይህንኑ ቢናገርና ጽሑፉን ከሥሩ ቢያደርገው ሁለት ፖስት አያስፈልግም። ልጁ ድምፁን ከፍቶ ስልኩን ወደ አባቱ ያዞረዋል።

አሁን ሰዓቱን እንየው፤ ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው። ስልኩ 8:30 PM ይላል፣ ሰዉ ሁለት ሰዓት ተኩል ይላል። «8፡30» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ ግማሹ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል መስሎት ማሳ ላይ ይውላል፣ ሌላው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው ብሎ ይስቃል። ስለዚህ «ማታ 2፡30» የሚለው «ማታ» መቼም አይዘለልም። ለውጭ አገር ሰው የሚተላለፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ የቀዬው ተወላጆች ለትምህርት ቤት ገንዘብ የሚያዋጡበት ስርጭት ከሆነ፣ የእነሱን ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር መጻፍ ይሻላል፤ ለዋሽንግተን ሰው 1:30 PM ብሎ። ልዩነቱ በበጋቸው ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ስለሆነ ኅዳር ላይ ከሰኔ ጽሑፍ መቅዳት ሰውን አንድ ሰዓት ያሳስታል። ሪያድ ያለው ሰው ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነው፤ ዱባይ ያለው አንድ ሰዓት ይቀድመናል።

ቴሌግራም ለዚህ ጥሩ መፍትሔ አለው። ባለቤቱ በቻናሉ ላይ ስርጭቱን ወዲያው ከመጀመር ይልቅ Schedule Live Stream የሚለውን መርጦ ቀኑንና ሰዓቱን ሲሞላ፣ በቻናሉ አናት ላይ ስንት ጊዜ እንደቀረ የሚቆጥር መስመር ይወጣል። ቀሪ ጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ያው ነው፤ ቡሬም ዋሽንግተንም ላለ ሰው እኩል ይነግራል። ከጎኑ Set Reminder የሚለውን የነካ ሰው ስርጭቱ ሲጀመር ማሳወቂያ ይደርሰዋል። ይህን አገልግሎት ቴሌግራም ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው፤ ሆኖም ብዙ ቻናሎች እስከ ዛሬ ሳይጠቀሙበት በእጃቸው «ልንጀምር ነው» ይጽፋሉ። አዝራሩን የነካ ሰው ንገረኝ ያለ ሰው ነው። ላልነካው መደጋገም ትርፉ ማስዘጋት ነው።

ማክሰኞ ከወጣው በኋላ ረቡዕና ሐሙስ ቻናሉ ስለ ስርጭቱ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ብዙዎችን ያስጨንቃል፤ ሰው የሚረሳ ይመስላቸዋል። ግን በእነዚህ ሁለት ቀናት የሚሠራው ፎቶው ነው። ማሳው ድረስ ሄዶ፣ ቅጠል ገልብጦ፣ ፎቶ አንስቶ የላከ ሰው ቅዳሜ መልሱን ለመስማት ይመጣል፤ እሱን ማስታወስ አያስፈልግም። በዚያ ላይ ጎረቤቱን ይዞ ይመጣል፤ ፎቶው የጎረቤቱ ማሳም ሊሆን ይችላልና። «ሼር አድርጉ» ከሚለው ይልቅ «ፎቶ ላኩ» የሚለው ሰው ያመጣል።

ሁለተኛው መልእክት ዓርብ ማታ ነው። በዚህኛው ላይ ያለኝ አቋም ጥብቅ ነው፤ ቅዳሜ ለማይመጣው ሰውም ብቻውን የሚጠቅም መሆን አለበት። ከመጡት ፎቶዎች አንዱን፣ የላከውን ሰውና ቦታውን ሳይገልጽ፣ ይለጥፍና እንዲህ ይላል፦ «ከደረሱን ፎቶዎች ብዙዎቹ ላይ የሚታየው ይህ ነጭ ጠባሳ ነው። ይህ ካለ ተምቹ ገና ትንሽ ነው፤ ነገ ጠዋት ማሳችሁ ላይ በተለያየ ቦታ አሥር አሥር በቆሎ እያያችሁ ስንቱ እንደተነካ ቁጠሩ። ቁጥሩን ይዛችሁ ማታ 2፡30 ኑ፤ መርጨት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ በዚያ ቁጥር እንነጋገራለን።» ማስታወሻ ነው፣ ግን ሥራም ነው። የማይመጣውም ሰው ተምቹን መለየት ተምሯል፤ ስለዚህ ለምን ላካችሁብኝ አይልም።

ይህ የዓርቡ መልእክት ያለ ድምፅ ይላካል። የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ሲይዙት Send Without Sound የሚል ምርጫ ይመጣል፤ መልእክቱ ይደርሳል፣ ስልኩ ግን አይጮህም። እዚያው ያለው Schedule Message ደግሞ መልእክቱን ቀድሞ ጽፎ በሰዓቱ እንዲወጣ ያደርጋል፤ ባለሙያው ዓርብ ማታ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ቢያድር ማስታወሻው አይቀርም።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። አንድ መስመር ነው፤ «ዛሬ ማታ 2፡30፣ የበቆሎ ተምች። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጉ፤ የቆጠራችሁትን ቁጥር ያዙ።» ይህ በድምፅ ይላካል። ሰዓቱ የተመረጠው ሰው ከሥራ ሲመለስ፣ መብራት ካለ ስልኩን ለመሰካት፣ ከሌለ ከሶላሩ ለመቀጠል ጊዜ እንዲያገኝ ነው። አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚላክ ማስታወሻ ባትሪው አምስት ፐርሰንት ለቀረው ሰው ምንም አይፈይድም። 2፡30 ሲል አዝራሩን ለነካው ቴሌግራም ራሱ ይነግረዋል። በአራት ቀን ሦስት መልእክት፣ ከእነሱም ድምፅ ያለው ሁለት፤ ከዚያ አይበልጥም።

ይህ ሁሉ ሆኖ የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ፤ በሰዓቱ አለመጀመር። ማታ 2፡30 ተብሎ 3 ሰዓት የጀመረ ስርጭት የዛሬውን ሰው ብቻ አያጣም። ለሚቀጥለው ጊዜ «2፡30 ማለት 3 ሰዓት ነው» ብሎ ያስተምራል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ማስታወሻ ሁሉ በዚያው ልክ ይቀልላል። ሦስት ሰው ብቻ ቢገባም ይጀመር። የቀደሙት ሰዎች ፎቶ ይመለስላቸው፤ የዘገየው ያመለጠውን በቅጂው ያገኘዋል።

ስርጭቱ ከተሰረዘ ደግሞ ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የምናውቀው ነው፤ መስመር በድንገት መሄዱ እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም። ለውጥ ሲኖር አዲስ አዲስ ፖስት ከመደርደር የማክሰኞውን ጽሑፍ ማረም፣ በአናቱም «ወደ ሰኞ ማታ 2፡30 ተላልፏል» ብሎ ማስገባት፣ ከዚያ በአንድ ድምፅ ባለው አጭር መልእክት መናገር ይበቃል። ከቻናሉ ተከታዮች መካከል የልማት ጣቢያ ሠራተኞች ስላሉ በመደበኛ የጽሑፍ መልእክት የሚደርሳቸው ትንሽ ዝርዝር መያዝም ይጠቅማል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ በእነሱ በኩል ወሬው ቀበሌ ይደርሳል።

ውጤቱ የሚለካው እንዴት ነው? ከ2,400 ተከታይ ስንት መጣ ብሎ መጠየቅ ያሳዝናል እንጂ አያስተምርም፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ ማስታወቂያውን እንኳ አላዩም። በየፖስቱ ሥር ያለችው የዓይን ምልክት ስንት ሰው እንዳየው ትናገራለች። ማክሰኞ 1,000 ሰው አይቶ ቅዳሜ 120 ከገባ፣ መለኪያው 120 ከ1,000 ነው። ብዙ ሰው አይቶ ጥቂት ከመጣ ጽሑፉን ወይም ሰዓቱን መመርመር ነው። ያየው ራሱ ጥቂት ከሆነ ግን ችግሩ ከዚያ በፊት የጀመረ ነው፤ ቀደም ባሉት ሳምንታት ድምፅ የዘጉ ሰዎች ይኖራሉ።

ለዚያም ማስረጃ አለ። በቻናሉ ስታቲስቲክስ ውስጥ Enabled Notifications የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ከተከታዮቹ ስንት በመቶው ድምፁን እንዳልዘጋ ያሳያል። ከሥሩ ያለው ግራፍ በየቀኑ ስንት ሰው እንደዘጋና ስንት ሰው መልሶ እንደከፈተ ይዘረዝራል። ባለሙያችን ማክሰኞንና ቅዳሜን ከተራ ቀናት ጋር ያስተያያል። ቅዳሜ 12 ሰዓት ከተላከው በኋላ የዘጉት ከዘወትሩ ጎልተው ከታዩ፣ ለሚቀጥለው ያንን መልእክትም ያለ ድምፅ ይልካል። እነዚህ ሰዎች ቅሬታ አይጽፉለትም፤ የሚያሰሙት በዚያ ግራፍ ብቻ ነው።

እሁድ ጠዋት የሚቀረው ሥራ ትንሽ ነው። የቅዳሜው አንድ መስመር ይጠፋል፣ ያለፈ ማስታወሻ ቻናል ላይ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። የዓርቡ ትምህርት ስለሆነ ይቆያል፤ «ማታ 2፡30 ኑ» የሚለው ብቻ ይወጣለታል። ቅጂው ይለጠፋል፣ ከሥሩም 40 ደቂቃውን ሙሉ ለማድመጥ ዳታ ለሌለው ሰው የት የት ምን እንዳለ ይጻፋል፤ ጠባሳውን መለየት በ4ኛው ደቂቃ፣ አቆጣጠሩ በ12ኛው፣ መርጨት የሚያስፈልገው መቼ እንደሆነ በ25ኛው። ፎቶ ልከው መልስ ሳይደርሳቸው ጊዜው ያለቀባቸው ካሉ፣ ከሰዓት በኋላ ለእያንዳንዳቸው በውስጥ መስመር አጭር የድምፅ መልስ ይላክላቸዋል። ሰኞ ጠዋት ማሳ ሲወርዱ ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ።